ሰኞ ጠዋት፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ አራት ወር ሆኖኛል። ዕድሜዬ 31 ነው። በሥሬ አራት ሠራተኞች አሉ፤ ድርጅቱ በጠቅላላው 22 ሰው አለው። ሰኞ አንድ አዲስ ከፍተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ይጀምራሉ፤ በዕድሜ በ15 ዓመት ይበልጡኛል። ከእሳቸው በፊት የተቀጠረችው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ጥላን ሄደች፤ ስትሄድ «ለምን እንደተቀጠርኩ እንኳን አልገባኝም» አለች። አሁን ሥራ አስኪያጃችን «ጥሩ አቀባበል አድርጉላቸው» ብለውኛል። እኔ ምን ልበላቸው? ልጆቹስ ምን ይበሉ? ካርድና ኬክ አስበን ነበር።

ምላሽ፦ ኬኩ ይቆይና መጀመሪያ ከጥበቃው እንጀምር።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሥራ ስጀምር ና የተባልኩት ከጠዋቱ 2፡30 ነበር። እኔ 2፡10 ላይ በሩ ላይ ነበርኩ። ጥበቃው «ከማን ጋር ቀጠሮ አለህ?» አለኝ። የቀጠሩኝን ኃላፊ ስም ነገርኩት። «እሳቸው መስክ ናቸው» አለ። አዲስ ሠራተኛ ነኝ ብለውም በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ስሜ የለም። ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ወጪ ገቢው ሁሉ ምን አጥፍቶ ነው በሚል ዓይን እያየኝ አለፈ። 4 ሰዓት ሲሆን አንዲት ጸሐፊ መጥታ ወሰደችኝና አንድ ጠረጴዛ አሳየችኝ። ከጠረጴዛው ሥር የቀድሞዋ ሠራተኛ ጫማ አለ። መሳቢያው ውስጥ ግማሹ የተበላ ብስኩትና የልጇ የክትባት ካርድ ነበር። «እዚህ ተቀመጥ፤ ሲመጡ ይነግሩሃል» ተባልኩ። ሲመጡ ረቡዕ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ተሰብስቦ «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። ኬክም ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ተቀብያለሁ፤ ብዙ ሰው ሲለቅም የመውጫ ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ። ቶሎ የሚለቁት ስለ ደመወዝ ከሚነግሩኝ ይልቅ ስለ መጀመሪያው ቀን የሚነግሩኝ ይበዛል፤ የሚነግሩኝም ከእኔ አግዳሚ ወንበር ብዙም የማይለይ ነገር ነው። ያቺ ልጅሽ «ለምን እንደተቀጠርኩ አልገባኝም» ስትል ፈገግታ ጎደለኝ ማለቷ አይመስለኝም። እሷን የሚጠብቅ ሥራ አላየችም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከቃላቱ በፊት ቃላቱ የሚቆሙበትን እንሥራ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥበቃው ዘንድ ውረጂና የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የሚመጡበትን ሰዓትና ሲመጡ ለማን እንደሚደወል ጽፈሽ ስጪው። ሰኞ ጠዋት ተረኛው ሌላ ሰው ከሆነ ለእሱም ይድረስ። ከዚያ ጠረጴዛውን እዪ፤ መሳቢያውን ራስሽ ክፈቺ። ኮምፒውተሩ ይነሣ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ፒችትሪም ይሁን ሌላ፣ በእሳቸው ስም መግቢያና የይለፍ ቃል ይኑረው። በሌላ ሰው ስም እየገቡ እንዲሠሩ ማድረግ አቀባበልን ብቻ ሳይሆን ኦዲትንም ያበላሻል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወንበሩን ተቀምጠሽ ሞክሪው። የተሰበረው ወንበር ምንጊዜም ለአዲሱ ሰው የሚደርስ ነው፤ ነባሩ ሠራተኛ ቦታው ባዶ በሆነ ማግስት ደህናውን ቀይሮ ይወስደዋልና።

በዚያው ቀን አጭር መልእክት ላኪላቸው። ብዙ ኃላፊዎች እዚህ ላይ ስለ ድርጅቱ ራእይ ይጽፋሉ። ሰውየው ግን እሑድ ማታ የሚያስጨንቃቸው የትኛው በር እንደሚገቡና ምሳ ይዘው ይምጡ ወይስ አይምጡ የሚለው ነው። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 እንጠብቅዎታለን። በኋለኛው በር ይግቡ፤ ጥበቃው ስምዎን ያውቃል፣ ይደውልልኛል፣ እኔ ወርጄ እቀበልዎታለሁ። የመታወቂያዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ኮፒ እንዲሁም የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን ይዘው ይምጡ፤ የቀረው በሳምንቱ ውስጥ ይደርሳል። ምሳ ከክፍሉ ሠራተኞች ጋር አብረን እንበላለን። የዚያን ቀን 11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ።»

«ከጠዋቱ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች። ሰውየው ቀደም ሲል የሠሩት ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በሚጽፍ ድርጅት ከሆነ ግን ባዶው 2፡30 ከሰዓት በኋላ ይሆንባቸዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ደርሶብኛል፤ ሰውየው ምሳቸውን በልተው፣ ተረጋግተው፣ ስድስት ሰዓት ዘግይተው መጡ።

አሁን ወደ ልጆቹ። በደብዳቤሽ ያላነሣሽው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን መኖሩን እጠረጥራለሁ። ከአራቱ መካከል ይህን ቦታ የጠበቀ ወይም የጠበቀች አይኖርም? ያቺ ልጅ ከሄደች በኋላ ሥራዋን ደርቦ ሲሠራ የቆየ ሰው አለ፤ ምናልባትም «ለእኔ ይሆናል» ብሎ አስቧል። አዲሱ ሰው በካርድና በኬክ ሲገባ ያ ሰው አብሮ ያጨበጭባል፤ በማግስቱ ግን ፋይሉን ሲያስረክብ ከሦስቱ የኤክሴል ሰንጠረዦች የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ሳይናገር ይቀራል። ክፋት አድርገሽ አትይው። ማንም ያላነጋገረው ቅሬታ መውጫ የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው። ምልክቱም ይህ ነው፤ አዲሱ ሠራተኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ «እዚያ ፋይል ላይ አለ» የሚል መልስ ያገኛል።

ይህን ሰው ዓርብ ብቻውን አነጋግሪው፤ ለሌሎቹ ከመናገርሽ በፊት። «ሰኞ አዲስ ከፍተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ይገባሉ። አንተ ቦታውን እንደጠበቅህ እገምታለሁ። ያልሰጠንህ የዓመት መዝጊያ ሒሳብ በራሱ ብቻውን የሠራ ሰው ስለፈለግን ነው፤ በሚቀጥለው መዝጊያ ከእሳቸው ጋር አብረህ ትሠራለህ።» ምክንያቱ ይህ ካልሆነ ይህን አትበይ፤ እውነተኛውን ተናገሪ። ቃል ልትገቢ የማትችይበትን ዕድገት ደግሞ ለማስታመም ብለሽ አታንሺ። አስረጂ ወይም ጓደኛ ሆኖ እንዲረዳቸው የምትመድቢውም ይህን ሰው አይሁን፤ ለጊዜው ከሁለቱም ላይ ሸክም ማቅለል ነው።

ለክፍሉ በሙሉ የምትናገሪው ደግሞ ሥራ ያለበት ንግግር ይሁን። «አቶ እገሌ የሚባሉ፣ ልምድ ያላቸው፣ ጥሩ ሰው ይመጣሉ» ብትይ ልጆቹ የሚሰሙት «ሊቆጣጠሩን ነው» የሚለውን ነው። ይልቁንም ምን እንደሚረከቡ፣ ምን እንደማይረከቡና ከማን እንደሚረከቡ ንገሪያቸው። ለምሳሌ፦ «ከሰኞ ጀምሮ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና የአቅራቢዎች ክፍያ ዝግጅት የአቶ እገሌ ነው። ደመወዝ እስከ አሁን በሚሠራው ሰው ይቀጥላል። ቼክ የሚፈረመው እንደ ድሮው ነው። የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ለእኔ ነው የሚቀርበው፤ ለእሳቸው አይደለም።» ይህ ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ግጭት «ይህ የማን ነው?» የሚለው ስለሆነ፣ ሰላምታውን የሚያሞቀው ይህ ደረቅ ንግግር ነው።

ሰኞ ደረሰ እንበል። ራስሽ ውረጂ። ጸሐፊ አትላኪ፤ በዕድሜ የሚበልጥሽን ሰው በር ድረስ ወርደሽ መቀበልሽ አሥር ዐረፍተ ነገር ያስቀርልሻል። ከዚያ ብዙ ቤት የሚደረገውን ዙር አታድርጊ፤ ማለቴ ሰውየውን እየመሩ ከክፍል ክፍል እየዞሩ 22 እጅ ማስጨበጥን። ሰውየው የሃያ ሁለቱንም ስም በአንድ ጠዋት ይሰማሉ፤ እስከ ምሳ ምናልባት ሦስቱን ያስታውሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስሙን መጠየቅ እያፈሩ «ወንድሜ፣ እህቴ» እያሉ ይኖራሉ። ጠዋት የክፍሉን አራት ሰዎች፣ ጥበቃውንና ገንዘብ ያዥዋን ይተዋወቁ። የቀሩትን ሥራ ሲያገናኛቸው ያውቋቸዋል፤ መጋዘን ኃላፊውን የመጋዘን ገቢ ደረሰኝ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ሾፌሩን ወደ ባንክ ሲሄዱ።

የመጀመሪያዋን ሰዓት አንቺ ያዢያት። ነገር ግን አታስተምሪባት፤ ጠይቂባት። ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2013 የታተመ አንድ ጥናት ነበር፤ የተደረገው ዊፕሮ በተባለው የህንድ ኩባንያ የጥሪ ማዕከል ውስጥ በሚጀምሩ ሠራተኞች ላይ ነው። ከአዲሶቹ ለአንዱ ቡድን በመጀመሪያው ቀን ስለ ኩባንያው ታላቅነት ተነገረውና የኩባንያው ስም ያለበት ሹራብ ተሰጠው። ሌላው ቡድን ስለ ራሱ ተጠየቀ፤ በሥራ ላይ ጎበዝ የሆንክበት ጊዜ መቼ ነበር፣ ጥሩ የምትሠራው እንዴት ባለ ሁኔታ ነው እየተባለ፤ የተሰጠው ሹራብ ላይም የራሱ ስም ነበረበት። ሦስተኛው ቡድን የተለመደውን ሥልጠና ብቻ ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ስለ ራሳቸው የተጠየቁት ከሁለቱም ቡድኖች ያነሰ ለቀዋል፤ የደንበኞቻቸው እርካታም የተለመደውን ሥልጠና ከወሰዱት ባልደረቦቻቸው የተሻለ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። የጥሪ ማዕከልና የሒሳብ ክፍል አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው ከመነገር ይልቅ በመጠየቅ እንደሚገባ እኔም በየቢሮው ያየሁት ነው።

ለ46 ዓመት ሰው ግን «ጥሩ ጎንዎን ይንገሩኝ» ብትይ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ይመስላል። በሥራ ቋንቋ ጠይቂ፦ «እስከ ዛሬ ከዘጉት የዓመት ሒሳብ በጣም ያስቸገረዎት የትኛው ነው? እንዴት ፈቱት?» የሒሳብ ሰው ይህን ሲጠየቅ ዓይኑ ይበራል። ቀጥሎ፦ «ሰነድ በወረቀት ነው ወይስ በኮምፒውተር መመልከት የሚቀልዎት? ሥራ ሲበዛ ሰው እንዲያናግርዎት ይፈልጋሉ ወይስ ዝም እንዲልዎት?» መልሱን ማስታወሻ ላይ ጻፊ። ከሳምንት በኋላ ከዚያ አንዱን ተጠቅመሽ ካዩሽ ንግግሩ ለወግ እንዳልነበረ ይገባቸዋል።

የዕድሜውን ነገር እንግዲህ እናንሣ፤ ጥያቄሽ ውስጥ በአንድ ሐረግ ብታልፊውም የጻፍሽልኝ በእሱ ምክንያት ይመስለኛል። እኔ አንቺ የምልሽ «ጋሼ» ብለሽ ስለጀመርሽ ነው፤ ያ ቃል በመካከላችን ያለውን ርቀት ለካው። በቢሮ ውስጥም እንዲሁ ነው። አቶ ብለሽ፣ እርስዎ ብለሽ ጀምሪ፤ በዚያው ቀጥይ። እሳቸው አንቺ ቢሉሽ አትደንግጪ፤ አንቱታው ትእዛዝን አያላላም። «ይህን እስከ ረቡዕ ይጨርሱልኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አክብሮትም ትእዛዝም ነው፤ አማርኛ ይህን በአንድ ግሥ ይችለዋል። የሚያላላው ሌላ ነገር ነው፦ «እኔ እንኳን ከእርስዎ የምማር ልጅ ነኝ»፣ «ይቅርታ፣ ባላዝዎት ደስ ይለኝ ነበር» የሚለው። እንዲህ ስትይ ሰውየውንም አስቸጋሪ ቦታ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፤ ወይ ሊያጽናኑሽ ነው ወይ ሊያዙሽ።

ልጆቹ ደግሞ «ጋሼ» ማለት ይቀናቸዋል። በአንድ በኩል መልካም ነው። በሌላ በኩል ግን ጋሼ የተባለን ሰው ማንም ሲሳሳት አያርመውም፤ ምሳ ሲሄዱ «እሳቸው ከእኛ ጋር ምን ይላሉ» ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ በዚያች የመጀመሪያ ሰዓት «ልጆቹ ምን ብለው ይጥሩዎት?» ብለሽ ጠይቂና የመለሱትን በፊታቸው ለልጆቹ ተናገሪ። አንዳንዱ ሰው «አቶውን ተዉት፣ በስሜ ጥሩኝ» ይላል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ካሉ አቶ ነው።

ከጥያቄው በኋላ ያንቺ ንግግር ይመጣል፤ እሱም ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ምን እንደምትጠብቂ፣ መቼ እንደምትገኚ፣ ስሕተት ሲፈጠር ምን እንደሚደረግ። ለምሳሌ፦ «እዚህ የመጡት የአቅራቢዎች ሒሳብ ሦስት ወር ወደ ኋላ ስለቀረና ሁለት አቅራቢዎች ዕዳቸው ከመዝገባችን ጋር አልገጥም ስላላቸው ነው። በዚህ ወር ከእርስዎ የምፈልገው የሁለቱን ሒሳብ ማጥራት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት እስከ 3፡30 በሬ ክፍት ነው። የተሳሳተ ቁጥር ካገኙ፣ የእኔም ቢሆን፣ ለእኔ በቀጥታ ይንገሩኝ።» ያቺ ልጅ ያጣችው ይህን ነበር፤ ለምን እንደተቀጠረች የሚነግራት ሰው። «እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለውን ግን ተይው። ብዙ ቦታ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ሊጠራ እንደሆነ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ቤት አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል፤ እሱም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ይህን ሰውየው ከጓደኛ ሳይሆን ካንቺ ይስሙት፤ ሰኞ፣ ኬክና ሻይ በሌለበት፣ ውሉን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ። «ሠላሳኛው ቀን ላይ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ ያልተስማማኝ ነገር ካለ ያኔ እነግርዎታለሁ፣ ስልሳኛው ቀን ላይ አያስደነግጥዎትም» በያቸው። ከዚያም በማስታወሻሽ ላይ ቀኑን ጻፊ፤ ካልጻፍሽው ይረሳል።

ከ4 ሰዓት በኋላ ሥራ ስጪያቸው። መመሪያ እንዲያነቡ አትተያቸው፤ የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ሲያነብ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲጠየቅ «ምንም አልሠራሁም» ነው የሚለው። ሥራው ትንሽ፣ እውነተኛና በዚያው ቀን የሚያልቅ ይሁን። ላንቺ ክፍል የምመርጠው ይህን ነው፦ የአንዱን የባንክ ሒሳብ፣ ባለፈው ወር የተዘጋውን፣ እንደገና ያስታርቁ። የባንኩን መግለጫ፣ የገንዘብ መዝገቡን፣ ያልተመነዘሩ ቼኮችን ዝርዝር በአንድ አቃፊ አድርገሽ ስጪ። መልሱ ያንቺ ዘንድ ስላለ ሁለታችሁም 10 ሰዓት ላይ ማወዳደር ትችላላችሁ። ሥራው ደግሞ ከማንም ንግግር የተሻለ ድርጅቱን ያሳያቸዋል፤ ለማን እንደምትከፍሉ፣ የትኛው ቼክ እንደሚቆይ፣ የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ በማን እንደሚመዘገብ ከሁለት ገጽ ላይ ያነቡታል።

በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ አንድ ጊዜ ያየሁትን ላውራሽ። አዲሱ ሰው ሲያስታርቁ የ3,600 ብር ልዩነት አገኙ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት ሊረዳቸው ቼኮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። እሳቸው 3,600ን ለ9 አካፈሉ፤ 400 ሆነ፣ ቀሪ የለም። «ቁጥር ተገላብጦ ተመዝግቧል፤ ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል እኩል ሲሆን መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠረጥሩት» አሉት። በአምስት ደቂቃ 18,400 ተብሎ መጻፍ ያለበት ቼክ 14,800 ተብሎ ተገኘ። ወጣቱ በዚያ ቀን ምሳ ላይ ይህን ለሁሉም አወራው። ሰውየውን ከዚያ የተሻለ ማን ሊያስተዋውቃቸው ይችላል? ነገር ግን እባክሽ ስሕተት ደብቀሽ እንደ ፈተና እንዳትሰጪያቸው። ባለሙያ መፈተኑን ያውቃል፤ ያኔ ቀኑ ተበላሸ።

ልጆቹ ምን ይበሉ ላልሽው፣ ካርዱን አልጠላም፤ የምጠላው ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ነው። ሃያ አንድ ሰው «እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም የሥራ ዘመን» ብሎ ሲፈርም ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉም ፊርማ ብቻ ሆነ። የቴሌግራም ቡድናችሁም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጠዋት ጨምራችኋቸው ሃያ አንድ የአበባ ምስል ሲመጣ ለየአንዳንዱ «አመሰግናለሁ» ማለት ይገባቸው እንደሆነ ሲያስቡ ይውላሉ። ቡድኑ ውስጥ ማክሰኞ ጨምሯቸው። በካርዱ ላይ ደግሞ የክፍሉ ሰዎችና ከእሳቸው ጋር በየቀኑ የሚገናኙት ብቻ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ከሰላምታው ሥር አዲስ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ይጨምር። አንድ ቦታ ላይ የተጻፉት እንደዚህ ዓይነት ነበሩ፦

ገንዘብ ያዥዋ፦ «እንኳን ደህና መጡ። የጥቃቅን ወጪ ጥያቄ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ከደረሰኝ በዚያው ቀን እከፍላለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለነገ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

ሾፌሩ፦ «ወደ ባንክ የሚሄደው መኪና 3፡30 ላይ ይወጣል። አምስት ደቂቃ እጠብቅዎታለሁ፣ ስድስት አልጠብቅም።»

የክፍሉ ታናሽ፦ «ፕሪንተሩ ወረቀት ሲይዝ ከፊት አይጎትቱ፤ የኋላውን ክዳን ይክፈቱ። ካልሆነ ይጥሩኝ፣ እኔ የለመድኩት ሰው ነኝ።»

መጋዘን ኃላፊው፦ «የገቢ ደረሰኝ ኮፒ ሲዘገይብዎት ለእኔ ይደውሉ፤ ለኃላፊዎ ከመናገርዎ በፊት።»

የመጨረሻው ትንሽ ማስፈራሪያም ነበረበት፤ እውነት ግን ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው የጠቀመው። ኃላፊ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር አይችልም፤ አንዳንዱንም አያውቀውም። ያንቺ ድርሻ ለምን እንደመጡ መንገር ነው፤ የእነሱ ድርሻ ቤቱ እንዴት እንደሚኖር መንገር ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ፣ አንቺ ስለ ፕሪንተሩ ልጆቹ ስለ ተልእኮው ካወራችሁ፣ ሁለቱም አይሰማም።

ከአራቱ አንዱን ለሁለት ሳምንት አስረጂ አድርገሽ መድቢ፤ ስሙንም ለሰውየው ንገሪ። ይህ ሰው ለትንሹ ጥያቄ ነው፤ የሽንት ቤቱ ቁልፍ የት ይሰቀላል፣ ሻይ የምታፈላው ሴት ስንት ሰዓት ትመጣለች፣ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ሲያነሡ ምን ማለት ነው። 46 ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ያለውን ለ31 ዓመት ኃላፊው አይጠይቅም።

ምሳው ላይ ሁለት ነገር። መጾም አለመጾማቸውን በሰው ፊት አትጠይቂ፤ የጾምም የፍስክም ምግብ ያለበት ቤት ምረጪና ነገሩ ራሱ ይታይ። ሃይማኖታቸውንም ከስማቸው አትገምቺ። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። ምግቡ ካለቀ በኋላ «እኔ ልክፈል፣ በአባቴ፣ አይሆንም» የሚለው ትግል ሲጀመር አዲሱ ሰው፣ ያውም በዕድሜ ትልቁ፣ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን መክተታቸው አይቀርም፤ ደመወዝ ደግሞ ገና ወር ይቀረዋል። ከመቀመጣችሁ በፊት ለአስተናጋጁ ሒሳቡ የድርጅቱ እንደሆነ ንገሪው።

ኬኩን ለወሩ መጨረሻ አቆዩት። ሰውየው የሁለቱን አቅራቢዎች ሒሳብ ሲያጠሩ ኬኩ ምክንያት ይኖረዋል፤ ሃያ ሁለት ሰውም ስማቸውን አውቆ ያጨበጭባል። ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ «ንግግር፣ ንግግር» ሲላቸው ግን ገና ማንንም ሳያውቁ ስለ ምን ይናገራሉ? ለሰኞ 9 ሰዓት ላይ የክፍሉ ስድስት ሰዎች የሚጠጡት ቡና ይበቃል።

10፡30 ላይ ሩብ ሰዓት ተቀመጪ። «እንዴት ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱን እኔም አንቺም እናውቀዋለን፤ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ዛሬ ማንን ፈልገው ሳያገኙ ቀሩ? የትኛው ወረቀት አልገባዎትም?» በይ። «ምንም የለም፣ ሁሉ ጥሩ ነው» ካሉና ማስታወሻ ደብተራቸው ባዶ ከሆነ፣ ቦርሳቸውም ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ሳይወርድ ከዋለ፣ ገና አልገቡም። ያን ጊዜ ንግግር አትጨምሪ፤ ማክሰኞ ጠዋት ከአንዱ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩት ሌላ ሥራ ስጪ። ማክሰኞ ምሳ ላይም ማን አብሯቸው እንደሚሄድ ሰኞ ማታ እወቂ። ሰኞ ሁሉም ይከባቸዋል፤ ማክሰኞ ሁሉም ወደ ልማዱ ተመልሶ ብቻቸውን የሚቀሩበት ቀን ነው።

ይህ ሁሉ የማይጠግነው ነገርም አለ። በቅጥር ጊዜ የተነገራቸው ሥራና ሰኞ የሚያገኙት ሥራ የተለያየ ከሆነ፣ ወይም ደመወዝ ከወሩ መጨረሻ አሥር ቀን የሚዘገይበት ቤት ከሆነ፣ አቀባበሉ የሚያዘገየው መልቀቂያውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓርብ በፊት አንድ ስልክ ደውይ። ያቺ ልጅ ቁጥሯ አይጠፋሽም። ተመለሺ አትበያት፣ ሰበብም አታቅርቢ፤ «ለመልቀቅ የወሰንሽው በስንተኛው ቀን ነበር? በዚያ ቀን ምን ሆኖ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያትና የምትነግርሽን ጻፊው።